ከዜናው ገጽ እስከ ስኳር ግዢ፦ በመሃል ያለው መንገድ እንዴት ይለካል?

ዜናው ስለ ስኳር ነበር። የኢኮኖሚ ቀውስ የስኳርን ዋጋና አቅርቦት ሊያናጋ እንደሚችል የሚያትት የጋዜጣ ጽሑፍ በእስራኤል ለሚማሩ 123 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲያነቡት ተሰጠ። ለ58ቱ ጽሑፉ በአንድ ትልቅ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ እንደሚወጣ ተነገራቸው። ለቀሩት 65 ደግሞ በኢኮኖሚ ዓምዱ ተጨማሪ እትም ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደሚወጣ ተነገራቸው። ማን የትኛውን እንደሚሰማ የወሰነው እጣ ነው።

ካነበቡ በኋላ ተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎችን መለሱ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ሌሎች ሰዎች ናቸው፦ ይህን ያነበበ ሰው ስኳር ለመግዛት የሚሮጥ ይመስላችኋል? ሁለተኛዎቹ ስለ ራሳቸው ናቸው፦ እናንተስ በምን ያህል ፍጥነት፣ ምን ያህል ስኳር ለመግዛት ታስባላችሁ? መልሶቹ ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ ተመዘገቡ። ጥናቱን ያካሄዱት ኑሪት ታል-ኦር፣ ዮናታን ኮኸን፣ ያሪቭ ጽፋቲ እና አልበርት ጉንተር ሲሆኑ፣ በ2010 በአንድ የኮሙኒኬሽን ምርምር መጽሔት ላይ ታተመ። በኋላም አንድሩ ሄይዝ የተባለው ምሁር መረጃውን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለተጠቀመበት፣ በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች ይህን ስሌት የሚለማመዱት በእነዚሁ 123 ሰዎች መልስ ነው።

ተመራማሪዎቹን ያጓጓቸው «የፊት ገጽ ዜና ሰውን ያነሳሳል ወይ?» የሚለው ብቻ አልነበረም። የፈለጉት መንገዱን ማወቅ ነው። ሰው ስኳር ለመግዛት የሚጣደፈው ዜናው ራሱ ስላስደነገጠው ላይሆን ይችላል። «ይህን ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይገዛል፣ እኔ ባዶ እጄን እቀራለሁ» ብሎ ስለገመተም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የገጹ ቦታ ግምቱን ይለውጣል፣ ግምቱ ደግሞ የመግዛት ፍላጎትን ይለውጣል ማለት ነው። በምክንያትና በውጤት መካከል የሚቆምን ሦስተኛ ነገር የሚመረምረው ይህ ዘዴ ሚዲዬሽን ትንተና ይባላል፤ በመሃል የቆመው ነገር አገናኝ ተለዋዋጭ፣ በእሱ በኩል የሚያልፈው ለውጥ ደግሞ ተዘዋዋሪ ተጽዕኖ ይባላል።

ስሌቱ በሁለት ሪግሬሽኖች ይጀምራል። በመጀመሪያው የገጹ ቦታ ግምቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ይታያል። የፊት ገጽ የተባሉት ተማሪዎች አማካይ ግምት 5.853፣ የውስጥ ገጽ የተባሉት ደግሞ 5.377 ነበር፤ ልዩነቱ 0.477 ነጥብ ገደማ ነው። በሁለተኛው ግምቱና የገጹ ቦታ አንድ ላይ ገብተው የመግዛት ፍላጎትን ያብራራሉ። የተነገራቸው የገጽ ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለት ተማሪዎች መካከል፣ ግምቱ በአንድ ነጥብ የሚበልጠው ተማሪ የመግዛት ፍላጎቱ በአማካይ በ0.506 ነጥብ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ተዘዋዋሪ ተጽዕኖው የሁለቱ ብዜት ነው፦

0.477 × 0.506 = 0.241

በግምቱ በኩል ሳያልፍ የሚቀረው ቀጥተኛ ተጽዕኖ 0.254 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ጠቅላላ ተጽዕኖውን ይሰጣሉ፤ እሱም በሁለቱ ቡድኖች የመግዛት ፍላጎት አማካይ መካከል ያለው ልዩነት፣ 3.746 ሲቀነስ 3.250፣ 0.496 ነው። ስለዚህ 0.241 ማለት ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ ላይ ሩብ ነጥብ የማይሞላ ለውጥ ነው። በጥናት ዘገባ ውስጥ ይህ ቁጥር ብቻውን ከቆመ ግን አንባቢው ሊመዝነው አይችልም። ሌሎች 123 ተማሪዎች ቢጠየቁ ኖሮ 0.05 ወይም 0.45 ይወጣ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የመተማመኛ ክልል ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ተራ አማካይ ልዩነት ክልል ማስላት ቀላል ነው፤ ከግምቱ በስተግራና በስተቀኝ እኩል ርቀት ይለካል። ተዘዋዋሪ ተጽዕኖ ግን የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው መዋዠቅ አላቸው። ሁለት የሚዋዥቁ ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ በተለይ ናሙናው ትንሽ ሲሆን። ማይክል ሶቤል በ1982 ያቀረበው ቀመር ይህን ማጋደል ችላ ብሎ ክልሉን በሁለቱም ወገን እኩል ያደርገዋል። በስኳሩ ጥናት ላይ በዚህ መንገድ ሲሰላ የክልሉ ታችኛው ጫፍ ከዜሮ በጥቂቱ በታች ይወርዳል። ዜሮ በክልሉ ውስጥ ገባ ማለት «ተዘዋዋሪ ተጽዕኖ የለም» የሚለውን አማራጭ መረጃው አላስወገደም ማለት ነው።

ቡትስትራፕ የሚባለው ዘዴ፣ ብራድሊ ኤፍሮን በ1979 ያስተዋወቀው፣ ስለ ቅርጹ አስቀድሞ ምንም አይገምትም። የ123ቱ ተማሪዎች መልስ እያንዳንዱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሳጥን ውስጥ ገባ እንበል። አንድ ወረቀት ይወጣል፣ ይመዘገባል፣ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ይህ 123 ጊዜ ሲደገም አንድ አዲስ ናሙና ተገኘ። ወረቀቱ ስለሚመለስ በአዲሱ ናሙና ውስጥ አንዱ ተማሪ ሦስት ጊዜ ሊገኝ፣ ሌላው ፈጽሞ ላይገኝ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 45 የሚያህሉ ተማሪዎች ከናሙናው ውጭ ይቀራሉ። በዚህ ናሙና ላይ ሁለቱ ሪግሬሽኖች እንደገና ይሠራሉ፣ ብዜቱም ይሰላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ 5,000 ጊዜ ያደርገዋል።

አሁን 5,000 የተዘዋዋሪ ተጽዕኖ ግምቶች አሉ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደሩና ከታች 125፣ ከላይም 125 ይቆረጣሉ። በመሃል የቀረው 95 በመቶው የተዘረጋበት ስፋት የመተማመኛ ክልሉ ነው። በስኳሩ ጥናት ይህ ክልል ከ0.01 ገደማ እስከ 0.53 ገደማ ይደርሳል። ከ0.241 ወደ ላይ ያለው ርቀት ወደ ታች ካለው እንደሚበልጥ ልብ ይሏል። ሶቤል ያላየው ማጋደል ይኸው ነው።

ታዲያ አንዱ ዘዴ «ዜሮ ይቻላል» ሲል ሌላው «ዜሮ ከክልሉ ውጭ ነው» ካለ ማንን እንመን? የቡትስትራፕ ክልል ለብዜት ቅርጽ የተሻለ ስለሚስማማ ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ እሱን ይመርጣል። ግን ልዩነቱን እንደ ትልቅ ድል ማየት አይገባም። በሁለቱም ዘዴዎች የታችኛው ጫፍ ዜሮን ሊነካ የቀረበ ነው። ምክንያቱም የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት ይታወቃል፤ የመጀመሪያው 0.477 ነው። የእሱ የራሱ ክልል ከ0.01 እስከ 0.94 ገደማ ስለሚዘረጋ፣ የገጹ ቦታ ግምቱን እጅግ በትንሹ ወይም አንድ ነጥብ ሊሞላ ለጥቂት በቀረ መጠን ለውጦት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቀለበት 0.506 ግን ከዜሮ በእጅጉ የራቀ ነው። ሁለቱን ለየብቻ የሚያሳይ ዘገባ አንባቢው ጥርጣሬው ከየት እንደሚመጣ እንዲያይ ያስችለዋል፤ ብዜቱን ብቻ የሚያሳይ ዘገባ ግን ይህን ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ጥሩ ዘገባ ምን ምን ይይዛል? ሁለቱን መንገዶች ከነክልላቸው፣ ብዜቱን፣ ቀጥተኛውንና ጠቅላላ ተጽዕኖውን፣ የተወሰደውን የቡትስትራፕ ናሙና ብዛት፣ ክልሉ የተሰላበትን ዓይነት። ከላይ የተገለጸው፣ ጫፎቹን በመቁረጥ ብቻ የሚሠራው፣ የፐርሰንታይል ክልል ይባላል። ለማጋደል ተጨማሪ ማስተካከያ የሚያደርግ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በኮምፒውተር የተደረጉ ሙከራዎች ግን ይህኛው በትናንሽ ናሙናዎች ላይ የሌለን ተጽዕኖ «አለ» የማለት ዝንባሌው ከሚጠበቀው በላይ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። የታችኛው ጫፍ ለዜሮ በቀረበበት ጊዜ የዓይነቱ ምርጫ መደምደሚያውን ሊገለብጥ ስለሚችል፣ ተመራማሪው ውጤቱን ካየ በኋላ የሚመርጠው ሳይሆን አስቀድሞ የወሰነው መሆን አለበት። እጣው በእያንዳንዱ ጊዜ ስለሚለያይም፣ ስሌቱ ሲደገም የጫፎቹ የመጨረሻ አሃዞች ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ኮምፒውተሩ እጣውን የጀመረበትን ቁጥር መዝግቦ ማሳወቅ፣ የናሙናውንም ብዛት ወደ 10,000 ከፍ ማድረግ ይህን ይፈታል።

አንድ ነገር ደግሞ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። የጠቅላላ ተጽዕኖው፣ የ0.496፣ ክልል ዜሮን ያካትታል። የገጹ ቦታ የመግዛት ፍላጎትን መለወጡ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ «በምን በኩል ለወጠው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል? ሩበን ባሮንና ዴቪድ ኬኒ በ1986 ባሳተሙት፣ ለዓመታት እንደ ሕግ በተወሰደው ጽሑፍ መሠረት ጠቅላላ ተጽዕኖው ካልታየ ምርመራው እዚያው ይቆማል። በኋላ ግን ይህ አስገዳጅ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ቀረ። ተዘዋዋሪና ቀጥተኛ መንገዶች ተቃራኒ አቅጣጫ ኖሯቸው ሊሸራረፉ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ጠቅላላ ተጽዕኖው ብዙ ጫጫታ ስለሚሸከም በተመሳሳይ ናሙና ውስጥ ተዘዋዋሪው ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም ውጤቶች መነገር አለባቸው። ጠቅላላውን ደብቆ ተዘዋዋሪውን ብቻ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ግማሹን ታሪክ ነው የሚናገረው።

ከዚህ ቁጥር ላይ ሁለት የሚያሳስቱ ዓረፍተ ነገሮች በቀላሉ ይበቅላሉ። የመጀመሪያው «ግምቱ ተጽዕኖውን ሙሉ በሙሉ ያብራራል» የሚለው ነው። የሚሰጠው ምክንያት ቀጥተኛው ተጽዕኖ፣ 0.254፣ ከዜሮ በአስተማማኝ ሁኔታ አልተለየም የሚል ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያየ ግን ይህ እንደማያስኬድ ወዲያው ይገነዘባል፦ «የለም» የተባለው ቀጥተኛ ተጽዕኖ፣ «ሁሉንም ያብራራል» ከተባለው ተዘዋዋሪ ይበልጣል። 123 ሰዎች ያሉት ናሙና 0.254ን ከዜሮ መለየት አልቻለም፤ ይህ ደግሞ 0.254 ዜሮ ነው ከማለት በጣም የራቀ ነው። ናሙናው ባነሰ ቁጥር «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል እየቀለለ መሄዱ ራሱ ቃሉ ችግር እንዳለበት ያሳያል።

ሁለተኛው «ከተጽዕኖው 49 በመቶው በግምቱ በኩል ያልፋል» የሚለው ነው። 0.241 ለ0.496 ሲካፈል በእርግጥ 49 በመቶ ይሰጣል። ነገር ግን አካፋዩ ዜሮም ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። አካፋዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መቶኛው ከ100 ሊያልፍ፣ ከዜሮም ሊያንስ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን መቶኛ ያለ ክልል ማተም አንባቢው በውስጡ የሌለውን ትክክለኛነት እንዲያምን ማድረግ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን ቡትስትራፕ ፈጽሞ የማይነካው ነው። ክልሉ የሚነግረን በናሙና መዋዠቅ ምክንያት ቁጥሩ ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ነው። ቁጥሩ ራሱ ትክክለኛውን ነገር መለካት አለመለካቱን አይነግረንም። 5,000 ቢባል 50,000 ይህ አይለወጥም።

በስኳሩ ጥናት በእጣ የተመደበው የገጹ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊት ገጽ የተባሉት ከፍ ያለ ግምት መስጠታቸው፣ ከናሙናው ጥርጣሬ ጋር፣ የተነገራቸው ነገር ያመጣው ነው ማለት ይቻላል። ግምቱን ግን ማንም በእጣ አልመደበውም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዘውት የመጡት ነው። በግምትና በመግዛት ፍላጎት መካከል ያለው 0.506 እንግዲህ ግንኙነት ነው፤ ምክንያት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። በተፈጥሮው እጥረትን የሚፈራ ተማሪ «ሰው ሁሉ ሊገዛ ነው» ብሎ ይገምት፣ ራሱም ሊገዛ ይፈልግ ይሆናል፤ ሁለቱን ያመጣው ፍርሃቱ ነው። ወይም ደግሞ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ራሱ መግዛት የፈለገ ተማሪ ሌላውንም እንደ ራሱ አድርጎ ያስባል። ሁለቱ መልሶች በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ መጠይቅ ላይ ስለተሰጡ ከመረጃው ውስጥ የቱ እንደቀደመ ማየት አይቻልም። ሦስቱም ታሪኮች ተመሳሳይ 0.241 ሊያስገኙ ይችላሉ።

በመሃል ሌላ መንገድ መኖሩም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ተማሪዎቹ ጉዳዩ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። የፊት ገጽ የተባሉት ጉዳዩን ይበልጥ አስፈላጊ አድርገው አይተውታል። ይህ እንደ ሁለተኛ አገናኝ ወደ ስሌቱ ሲገባ፣ በግምቱ በኩል የሚያልፈው ከ0.241 ወደ 0.189 ይወርዳል፤ በአስፈላጊነት በኩል ደግሞ 0.203 ያልፋል፤ ለቀጥተኛው የሚቀረው 0.103 ብቻ ነው። የ123ቱ ተማሪዎች መልስ አንዲትም አልተለወጠችም። የተለወጠው ተመራማሪው ወደ ስሌቱ ያስገባው ነገር ነው። «ቀጥተኛ» የሚባለው ተጽዕኖም ገና ስም ያልወጣለት መንገድ ሁሉ የተከማቸበት ቦታ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

እንግዲህ መደምደሚያው እንዴት ይጻፍ? ቸኩሎ የተጻፈው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ጥናቱ የፊት ገጽ ዜና ሰዎች ስኳር እንዲገዙ የሚያደርገው ሌሎች ይገዛሉ የሚል እምነት በመፍጠር መሆኑን አረጋግጧል።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መረጃው የማይሸከማቸው ነገሮች ተደራርበዋል። «ሰዎች» የተባሉት በአንድ አገር ያሉ የፖለቲካና የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ናቸው። «እንዲገዙ» የተባለው ሐሳብ እንጂ ግዢ አይደለም፤ ማንም ሱቅ ሲሄድ አልታየም። «በመፍጠር መሆኑን» የሚለው አገናኙን ምክንያት አድርጎ ይቆጥረዋል። «አረጋግጧል» ደግሞ የታችኛው ጫፉ ዜሮን ሊነካ ጥቂት ለቀረው ክልል በጣም ከባድ ግስ ነው።

በጥንቃቄ የተጻፈው ረዘም ይላል፦

«ጽሑፉ በፊት ገጽ ይወጣል የተባሉት ተማሪዎች፣ በውስጥ ገጽ ይወጣል ከተባሉት ይልቅ ሌሎች ስኳር ለመግዛት እንደሚነሳሱ ገምተዋል (ልዩነት 0.477)። የገጹ ቦታ ተመሳሳይ ሆኖ፣ ይህ ግምት ከፍ ያለባቸው ተማሪዎች የመግዛት ሐሳባቸውም ከፍ ያለ ነበር (0.506)። ተዘዋዋሪ ተጽዕኖው 0.241 ሲሆን፣ በ5,000 ናሙናዎች የተሰላው 95 በመቶ የፐርሰንታይል ቡትስትራፕ ክልል ከ0.01 እስከ 0.53 ገደማ ነው። የጠቅላላና የቀጥተኛ ተጽዕኖዎቹ ክልሎች ዜሮን ያካትታሉ። ውጤቱ የገጹ ቦታ በግምት በኩል የመግዛት ሐሳብን ይለውጣል ከሚለው ማብራሪያ ጋር ይስማማል። ሆኖም ግምቱ በእጣ ስላልተመደበና ከመግዛት ሐሳቡ ጋር በአንድ ጊዜ ስለተለካ፣ የጋራ ምክንያት ወይም የተገላቢጦሽ አቅጣጫ ሊኖር እንደሚችል ጥናቱ አያስወግድም።»

ይህ አጻጻፍ «ይስማማል» ይላል እንጂ «ያረጋግጣል» አይልም፤ ጥንቃቄው ግን በየዓረፍተ ነገሩ ላይ እኩል አልተበተነም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በእጣ በተመደበ ነገር ላይ ስለቆመ ቀጥ ብሎ ይናገራል። ሁለተኛው «ነበር» ብሎ ግንኙነቱን ይገልጻል፤ ምክንያት አያደርገውም። ማስጠንቀቂያውም የት ቦታ ላይ፣ ለምን እንደሆነ በስሙ ተጠርቷል። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው የተለመደ መዝጊያ ይህን ሁሉ አይነግረንም።

በ2021 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው አግሬማ የተሰኘ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ዘገባ ሊያሟላ የሚገባውን በ25 ነጥቦች ዘርዝሯል፤ ለአጭር ዘገባ የሚሆን ባለ 9 ነጥብ ቅጂም አለው። ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ተመራማሪው ምክንያትና ውጤቱን የሚያገናኝበትን ሥዕል፣ ድምዳሜው የቆመባቸውን ግምቶች፣ ያልተለካ የጋራ ምክንያት ቢኖር ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ የሚያሳይ የሚዛን ምርመራ ይገኙበታል። የመጨረሻው በተለይ ጠቃሚ ነው፤ «የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል» ከማለት ይልቅ «የተደበቀው ነገር ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ተዘዋዋሪ ተጽዕኖው ዜሮ ይሆናል» ለማለት ያስችላል። አንባቢውም ያን ያህል ጠንካራ ነገር መኖሩን ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

ታል-ኦርና ባልደረቦቿ የዚህን ስሌት ገደብ ያውቁ ነበር፤ ጽሑፋቸው ራሱ የተጻፈው የምክንያትን አቅጣጫ ለመፈተሽ ነው። ስለዚህ በስኳሩ ሙከራ ላይ አልቆሙም። በዚያው ጽሑፍ ባቀረቡት ሁለተኛ ሙከራ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ፣ የገጽ ቦታን ሳይሆን ግምቱን ራሱን በቀጥታ ለመለወጥ ሞከሩ፤ አንዱ ቡድን ተጽዕኖው ከፍተኛ እንደሆነ፣ ሌላው ዝቅተኛ እንደሆነ እንዲያስብ አድርገው ምላሻቸውን አወዳደሩ። በዚህ ዓይነት ሙከራ በሁለተኛው ቀለበት ላይ የነበረው ጥርጣሬ በከፊል ይቀንሳል፤ ግምቱን የለወጠው እጣ እንጂ የተማሪው ባሕርይ አይደለምና። አዲስ ጥርጣሬም ይተካል፦ የተሰጣቸው መረጃ ግምቱን ብቻ ነው የለወጠው ወይስ ሌላም ስሜት አብሮ ቀሰቀሰ? ጥያቄው ከመጀመሪያው የጠበበና ለመፈተሽ የሚመች ነው፤ ዘገባውም የሚሄደው እስከዚያ ድረስ ነው።